«ኦከልት» ጥንቆላ አይደለም፦ የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ያለን ቃል ፍቺ የት እንፈልግ?

አንድ ሐሙስ ማታ የአጎቴ ልጅ ደወለችልኝ። ድምጿ ዝቅ ብሏል፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ሰው እንዳይሰማት የምትጠነቀቅ ትመስላለች።

«እታለም፣ መሽቶብኝ ነው የደወልኩት፣ ይቅርታ። አባዬ የምርመራ ውጤቱን ዛሬ አመጣ። ሐኪሙ ጋ የሚቀርበው ሰኞ ነው። አንድ ቃል አስጨንቆኛል።»

«የቱ ቃል?»

«ኦከልት። ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ‹አስማታዊ፣ ምትሃታዊ› ይለኛል። ለእማዬ ነገርኳት። እሷ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ‹ነገ ጠበል ይዤው እሄዳለሁ› ብላ ሻንጣ እያዘጋጀች ነው።»

ሳቄን ዋጥኩት። ለዓመታት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ወረቀቱን የሚጽፈው ሰው እኔ ነበርኩ ማለት ይቻላል። «ኦከልት» ብዬ ስንቴ እንደጻፍኩ አላውቅም። ቤት ሲደርስ ምን እንደሚመስል ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። ዋናው ክፍል ይህ ነው፦

```
Stool occult blood: Positive
Hgb 9.8 g/dL    MCV 71 fL    RDW 19.2 %
Morphology: microcytic hypochromic, anisocytosis 2+
```

ይህን ወረቀት እንደ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር እጁ ሲገባ ፍቺ የሚፈልግባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። ተራ መዝገበ ቃላት ወይም የትርጉም አፕ ይከፍታል። ጉግል ላይ ይጽፋል። ነገሩ የገባው ከሆነ ለሕመምተኛ የተጻፈ የጤና ድረ ገጽ ይፈልጋል። እንግሊዝኛ የሚችል ከሆነ ቃሉን እየቆራረጠ ይገምታል። ወይም ይጠይቃል። «የቱ ይሻላል?» ለሚለው አንድ መልስ የለም። ያንኑ ወረቀት ይዞ ለአንዱ ቃል መዝገበ ቃላት ገደል ይከታል፣ ለሌላው ቃል ደግሞ ምንም አያገኝም። የሚወስነው የቃሉ ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ቃሉን መለየት

የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ቤተሰብን የሚያደናግሩ ቃላት በሁለት ትልልቅ ቡድን ይገባሉ።

አንደኛው የምታውቀው የሚመስልህ ቃል ነው። ትምህርት ቤት የተማርከው፣ ፊልም ላይ የሰማኸው ተራ የእንግሊዝኛ ቃል። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ሌላ ትርጉም ይዞ ይሠራል። «ኦከልት» ከዚህ ወገን ነው። ከላቲን ሲመጣ «የተሸሸገ» ማለት ነበር። የጥንቆላው ትርጉም የመጣው «የተሸሸገ ጥበብ» ከሚለው ነው። ሕክምና የመጀመሪያውን ትርጉም ይዞ ቀረ። ስለዚህ ወረቀቱ የሚለው «በሰገራው ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም ተገኝቷል» ነው። በቃ።

«ካልቸር» ሌላው ነው። መዝገበ ቃላት «ባህል» ይልሃል። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ናሙናውን ለጀርም በሚመች ምግብ ላይ አድርጎ፣ ሙቀት ውስጥ አቆይቶ፣ የሚበቅል ነገር መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። የዚህ ዘመድ የሆነ አንድ አሳዛኝ ስህተት አጋጥሞኛል። አንዲት እናት የልጇን የሽንት ካልቸር ውጤት ይዛ እያለቀሰች መጣች። ወረቀቱ ላይ «ኖ ግሮውዝ» ተጽፏል። «ልጄ አያድግም ማለት ነው?» አለችኝ። ጀርም አልበቀለም ማለት ነበር። እዚያ ወረቀት ላይ ሊጻፍ ከሚችለው ሁሉ ጥሩው ዜና እሱ ነበር።

ሁለተኛው ቡድን ረጅሙና አስፈሪው ነው፤ ማይክሮሲቲክ፣ ሃይፖክሮሚክ፣ አኒሶሳይቶሲስ። ቃሉን ስታየው የከባድ በሽታ ስም ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ግን ከሁለቱ የሚቀለው ይኼኛው ነው። ከግሪክና ከላቲን ቁርጥራጮች የተሰፋ ስለሆነ ስፌቱን መፍታት ይቻላል። ደግሞም ሌላ ቦታ ስለማይሠራ ፍለጋ ላይ ከሌላ ነገር ጋር አይምታታም።

መለያው ቀላል ነው። ቃሉን ሐኪም ያልሆነ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በዕለት ንግግሩ ይጠቀምበታል? አዎ ከሆነ መጀመሪያው ቡድን ነው፣ ተጠንቀቅ። ካልሆነ ሁለተኛው ነው፣ አትፍራው። እንደ ኤምሲቪ፣ ማለትም የቀይ የደም ሕዋስ አማካይ መጠን፣ ያሉ ምህጻረ ቃላትን ከሁለተኛው ጋር ቁጠራቸው።

ተራ መዝገበ ቃላትና የትርጉም አፕ

ጉግል ትራንስሌት አማርኛን ያስገባው በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ለደብዳቤና ለማስታወቂያ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለላብራቶሪ ወረቀት ግን የመጨረሻ ምርጫዬ ነው።

ችግሩ አንድ ቃል ብቻውን ስትሰጠው ነው። ብቻውን የቆመ ቃል ምን ሰፈር እንደሚኖር አይታወቅም፤ መዝገበ ቃላቱም ብዙ ሰው የሚፈልገውን ትርጉም ያስቀድማል። «ኦከልት» ብለህ ብቻህን ስትጽፍ ጠንቋይ ቤት ይወስድሃል። ከ«ብለድ» እና ከ«ስቱል» ጋር አብረህ ስትጽፈው ዕድልህ ይሻላል። ስለዚህ አፕ ብቻ ካለህ ቢያንስ ሙሉውን መስመር አስገባ።

ለሁለተኛው ቡድን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰጥህ ያንኑ ቃል በፊደላችን ጽፎ ነው። አኒሶሳይቶሲስን አስገብተህ «አኒሶሳይቶሲስ» ታገኛለህ። ይህ ቢያንስ አያሳስትም። የሚያሳስተው ተራ የሚመስለው ቃል ነው፤ ምክንያቱም መልስ ያገኘህ ይመስልሃልና ፍለጋህን ታቆማለህ።

ቃሉን እየቆረጡ መፍታት

እኔ ለቤተሰብ ከማስተምረው ነገር ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ኢንተርኔትም አይፈልግም።

የአጎቴን ወረቀት እንያዝ። «ማይክሮ» ትንሽ ነው። «ሲቲክ» ከሕዋስ ጋር የተያያዘ ነው። ማይክሮሲቲክ፣ ትናንሽ ሕዋስ። «ሃይፖ» ከልኩ በታች፣ «ክሮም» ቀለም። ሃይፖክሮሚክ፣ ቀለማቸው የሳሳ። «አኒሶ» እኩል ያልሆነ፣ «ሳይት» ሕዋስ፣ «ኦሲስ» ደግሞ ሁኔታን ይነግራል። አኒሶሳይቶሲስ፣ ሕዋሳቱ መጠናቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ከጎኑ ያለው 2+ የዓይን ግምት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ያየው ሰው ልዩነቱ መካከለኛ መስሎታል ማለት ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ የሚያስፈራ መስመር በአማርኛ ሲነገር «ቀይ የደም ሕዋሳቱ ያነሱ፣ የገረጡና መጠናቸው የተዘበራረቀ ነው» ነው። ጤፍ ሲያበጥሩ ያደጉ ሰዎች ወዲያው የሚገባቸው ነገር ነው፤ ሰፌዱ ላይ ፍሬው አልተስተካከለም።

መጨረሻው ላይ የሚመጣው ቁራጭ ብዙ ነገር ይነግራል። «ፒኒያ» በግሪክ ድህነት ማለት ነው። ትሮምቦሳይቶፒኒያ ማለት የፕላትሌት፣ ማለትም ደምን የሚያረጉት ጥቃቅን ሕዋሳት፣ ድህነት ነው። «ፊሊያ» መውደድ ነው። ኢኦሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ስሙን ያገኘው ኢኦሲን የሚባለውን ቀይ ማቅለሚያ ስለሚወድ ነው። ኢኦሲኖፊሊያ ሲባል የዚህ ሕዋስ መብዛት ነው፤ እኛ አገር ብዙ ጊዜ ከሆድ ትላትል ወይም ከአለርጂ ጋር ይመጣል።

ታዲያ ይህ መንገድ የት ላይ ይከዳል? ሁለት ቦታ ላይ።

የመጀመሪያው ድሮ የወጡ ስሞች ላይ ነው። አኒሚያ ቢቆረጥ «ደም አልባ» ይሆናል። ደም የሌለው ሰው ግን የለም፤ የደም ማነስ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ሉኮሳይቶሲስና ሉኪሚያ ናቸው። «ሉኮ» ነጭ ነው፤ ሁለቱም ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ነጭ የደም ሕዋስ በዝቷል ብቻ ነው የሚለው፤ ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ከኢንፌክሽን ጋር እየታገለ ነው። ሁለተኛው የደም ካንሰር ስም ነው። «ሉኮ» የምትለዋን ይዞ የሮጠ ሰው ቤተሰቡን በከንቱ ያስለቅሳል። ስለዚህ ፍቺህን ከቁራጮቹ ካገኘህ በኋላ አንድ የታመነ ቦታ ላይ አረጋግጥ።

ሁለተኛው ፊደል ላይ ነው። «ሃይፖ» ከታች ነው፣ «ሃይፐር» ከላይ። አንዱ ፊደል ሲሳት ማነሱ መብዛት ይሆናል። በስልክ እያነበቡ መላክ ለዚህ አደገኛ ነው። የአጎቴ ልጅ ራሷ መጀመሪያ ያነበበችልኝ «ሃይፐርክሮሚክ» ብላ ነበር። ፎቶውን ባላይ ኖሮ እኔም ግራ ይገባኝ ነበር፤ ሕዋሱ ትንሽ ሆኖ ቀለሙ የበዛ፣ ብዙውን ጊዜ አብሮ አይሄድም። ወረቀቱን ፎቶ አንሱ። በእጅ የተጻፈ ከሆነና ፊደሉ ካልተነበበ አትገምቱ፤ ላብራቶሪው ጋ ደውሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ ነው።

ክፍት የጉግል ፍለጋ

ጉግል ቃሉን ያገኝልሃል። ችግሩ አብሮ የሚያመጣው ነገር ነው። አንድን ቃል ስትጽፍ መልሱ የቃሉ ፍቺ ብቻ አይሆንም፤ ከዚያ ቃል ጋር ስማቸው የተነሣ በሽታዎች ሁሉ ተሰልፈው ይመጣሉ። ሰልፉ ደግሞ በመብዛታቸው ቅደም ተከተል አይደለም። የሰገራ ድብቅ ደም ብለህ ስትፈልግ ካንሰር የሚለው ቃል ቶሎ ብቅ ይላል። ምክንያት አለው። ይህ ምርመራ በምዕራቡ ዓለም በዋናነት የሚሠራው ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎች ላይ የትልቁ አንጀት ካንሰርን አስቀድሞ ለመፈለግ ነው፤ የሚጻፈውም ስለዚያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሐኪም ምርመራውን ያዘዘው ደም ማነስ አይቶ ደሙ የት ሄደ ብሎ ሊሆን ይችላል። መልሱ የጨጓራ ቁስል፣ መንጠቆ ትል፣ ኪንታሮት፣ ወይም የጉልበት ሕመም ማስታገሻ ክኒን ያደረሰው መድማት ሊሆን ይችላል። ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ አይሸፈንም። ግን ገጹ የአንተን አባት አያውቀውም።

ለአንድ ነገር ግን ጉግልን እወደዋለሁ፤ ለሥዕል። ስለ ደም ሕዋስ የሚናገር ቃል ከሆነ የምስል ፍለጋ ላይ አስገባው። አኒሶሳይቶሲስን በሥዕል ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ለቆዳና ለዕጢ ግን ይህን አታድርጉ፤ የሚመጡት ሥዕሎች የባሰባቸው ሰዎች ናቸው፣ እንቅልፍ ይነሳሉ።

ለሕመምተኛ የተጻፈ ድረ ገጽ

እዚህ ላይ ምርጫዬን አልደብቅም። `MedlinePlus` የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ገጽ ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ የሚሸጥልህ ነገር የለም፣ እንግሊዝኛውም ሆን ተብሎ ቀላል ተደርጎ የተጻፈ ነው። ስለ እያንዳንዱ የላብራቶሪ ምርመራ ያለው ገጽ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓይነት መልክ ይሄዳል፤ ምርመራው ምንድን ነው፣ ለምን ይታዘዛል፣ ውጤቱ ምን ይላል። አስረኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያነበዋል። በአማርኛ የተዘጋጁ የጤና ጽሑፎችም አሉት፤ የላብራቶሪ ምርመራ ማብራሪያዎቹ ግን በዋናነት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ስለሆኑ እንግሊዝኛ የሚያነብ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ያስፈልጋል።

ሁለት ነገር ሊያደናቅፍህ ይችላል። አንደኛ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ገጹ ላይ ያለው ስም ሊለያይ ይችላል። እኛ ላብራቶሪዎች «ስቱል» እንላለን፤ እዚያ ግን «ፊካል» የሚለውን ታገኛለህ። ሁለተኛ፣ ገጹ የተደራጀው በምርመራው ስም እንጂ በውጤቱ ቃል አይደለም። አኒሶሳይቶሲስ ብለህ ራሱን የቻለ ገጽ ላታገኝ ትችላለህ። ወረቀቱን መልሰህ እይ፤ `RDW` የሚል ቁጥር አለ። ማሽኑ የሕዋሳቱን መጠን መዘበራረቅ በቁጥር ሲናገር ነው። አኒሶሳይቶሲስና ይህ ቁጥር አንድን ነገር የሚናገሩ ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ አንዱ በዓይን አይቶ፣ ሌላው ለክቶ። ስለዚህ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦

```
fecal occult blood test site:medlineplus.gov
RDW blood test site:medlineplus.gov
```

`site:` የምትለዋ ጉግልን «ከዚህ ቤት ውጪ አትሂድ» ትለዋለች። ከሁለቱ ነጥቦች በኋላ ክፍተት አይግባ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፍቺውን ከድረ ገጽ ውሰድ፣ የጤነኛ ሰው ልክ የሚባለውን ቁጥር ግን ከራስህ ወረቀት ላይ ውሰድ። ላብራቶሪዎች በማሽናቸው ይለያያሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ፣ ወረቀቱ ላይ `Hgb` የተባለው ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል፣ ከፍ ይላል። የባሕር ዳርቻ ሰው ልክ እዚህ ሲመጣ ዝቅተኛውን «ደህና ነው» ሊያስብል ይችላል። የአጎቴ 9.8 ግን በየትኛውም ልክ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ ዝቅተኛ ነው።

ሰው መጠየቅ

ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻ ያደርገዋል፤ ያሳፍራል፣ ወረፋ አለው፣ ሐኪሙ ይቸኩላል። የምትጠይቀውን ከለየህ ግን ከሁሉም የሚፈጥነው እሱ ነው።

ላብራቶሪው የቃሉን ፍቺና ምርመራው እንዴት እንደተሠራ ሊነግርህ ይችላል። «በሽታው ምንድን ነው?» ብትለው ግን አይመልስልህም፣ መመለስም የለበትም። እሱ ያየው ናሙናውን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። በሌላ በኩል ግን ሐኪሙ እንኳ ሊረሳው የሚችለውን አንድ ነገር ላብራቶሪው ያውቃል፤ የትኛውን ዓይነት ምርመራ እንደተጠቀመ።

የድብቅ ደም ምርመራ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ዓይነት አለ። የድሮው በኬሚካል የሚሠራ ነው፤ ደም ሲነካው ወረቀቱ ሰማያዊ ይሆናል። ችግሩ የሰው ደም ይሁን የበሬ ደም አይለይም። ሰውየው ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ክትፎ ወይም ጥሬ ሥጋ ከበላ በሐሰት «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ቫይታሚን ሲ በብዛት ከወሰደ ደግሞ እያለ ሊደብቀው ይችላል። ለዚህ ነው ከምርመራው በፊት ለሦስት ቀን ያህል ቀይ ሥጋ አትብሉ የሚባለው። አዲሱ ዓይነት የሰውን ደም ብቻ የሚያውቅ ነው፤ ሥጋ አያሳስተውም። ስለዚህ ላብራቶሪው ጋ የሚጠየቀው «አባቴ ምን ሆነ?» ሳይሆን «ይህ ምርመራ ሥጋ በመብላት ይሳሳታል ወይ?» ነው።

ሐኪሙ ጋ ስትሄድ ደግሞ ያገኘኸውን ፍቺ በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፈውና አንብብለት። «እንዲህ ነው የተረዳሁት፣ ልክ ነኝ?» በለው። ሐኪም «አስረዳኝ» ሲባል ይደክመዋል፤ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ግን ሳያርም አያልፍም።

አሜሪካ ያላችሁ አንድ ነገር ይለይባችኋል። ከሚያዝያ 2021 ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ምክንያት ውጤቱ ሐኪሙ ሳያየው በፊት ስልካችሁ ላይ ሊደርስ ይችላል። ዓርብ ማታ ደርሶ እስከ ሰኞ ማስጨነቁ የተለመደ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ውጤት ለመጠየቅ ስትደውሉም አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚያውቀውን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ አያቱ ሰገራ ደም አታስተርጉሙት። ሆስፒታሉም ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ሕፃን ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀም አይፈቀድለትም።

ታዲያ የቱን?

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ተራ የሚመስል ቃል ሲሆን መዝገበ ቃላቱን አልፌ ሙሉውን መስመር ከምርመራው ስም ጋር ይዤ ለሕመምተኛ ወደተጻፈው ድረ ገጽ እሄዳለሁ። ረጅም ቃል ሲሆን መጀመሪያ እቆርጠዋለሁ፣ ከዚያ አረጋግጣለሁ። የማይነበብ ፊደል ሲሆን ላብራቶሪውን እጠይቃለሁ። ኢንተርኔት የሌለበት ቦታ ያለ ሰው ረጅሙን ቆርጦ ይረዳ፤ ተራ የሚመስለውን ግን እስኪጠይቅ ድረስ ባይነካው ይሻላል።

ማቆሚያውን ማወቅም አለ። ጥሩ ፍቺ ሦስት ነገር ይዟል፤ ከየት የተወሰደ ናሙና፣ ምን ታየ፣ ምን ያህል። የበሽታ ስም የለበትም። ዓረፍተ ነገርህ ውስጥ የበሽታ ስም ከገባ ቃሉን መተርጎም አቁመህ ምርመራ ጀምረሃል ማለት ነው። የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ያለው ቃል በአመዛኙ የታየውን ይናገራል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ወደ አማርኛ ስትመልሰውም ያልተናገረውን አትጨምርበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቃል ፍለጋ የማይጠብቅ ነገር አለ። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ከሆነ፣ ሰውየው ሲነሣ ራሱን ከሳተ፣ ደም ካስታወከ፣ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው ስልኩን አስቀምጡና በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራም ይጠቁራል፤ እሱን ለሐኪሙ ንገሩት።

የአጎቴ ሰኞ

ያን ማታ ለአጎቴ ልጅ መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ሬንጅ መሳዩ ሰገራ ነው። የለም። ራሱን ስቷል? አልሳተም፤ ግን ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል። ሥጋ? ጾም ላይ ነበርን፣ ሥጋ የለም። ከዚያ አብረን ዓረፍተ ነገሩን ሠራን፤ እሷ ጻፈች፣ እኔ አረምኩ።

«በአባባ ሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም ተገኝቷል። ደሙ አንሷል። ቀይ የደም ሕዋሳቱ ትናንሽ፣ የገረጡና እኩል ያልሆኑ ናቸው።»

«ይኼ ብቻ?» አለችኝ።

«ይኼ ብቻ። አሁን እሱን ለእማማ አንብቢላት። ከዚያ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ሰብስበሽ በፌስታል ያዢ።»

ሰኞ ሐኪሙ ዓረፍተ ነገሩን ሰምቶ «ልክ ነሽ» አላት። ቀጥሎ ያየው ፌስታሉን ነው። ውስጡ ለጉልበቱ ብሎ ከፋርማሲ ራሱ እየገዛ ለወራት የዋጠው ዳይክሎፌናክ ነበር። ክኒኑ እንዲቆም አደረገ፣ በካሜራ ጨጓራው እንዲታይ አዘዘ። ዕድሜውን አይቶ ትልቁ አንጀትም በኋላ መታየት እንዳለበት ነገራቸው።

የጨጓራው ውጤት ሲመጣ ደግሞ ፎቶ ላከችልኝ። ቁስል ተገኝቷል፤ እሱን ሐኪሙ ራሱ በአማርኛ አስረድቷቸዋል። ከታች ግን ስለ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ የሚናገር አንድ መስመር ነበር፦

```
Duodenum: unremarkable
```

መተየብ ስጀምር ቀደመችኝ። «ቆይ እታለም፣ አትንገሪኝ። መዝገበ ቃላቱ ‹የማይደነቅ› አለኝ። ይሄ ያ ተራ የሚመስለው ዓይነት ነው አይደል?» ትንሽ ቆይታ ሌላ መልእክት መጣ። «አገኘሁት። ልዩ ነገር አልታየበትም ማለት ነው። ለእማዬ ‹ደህና ነው› ብዬ ነግሬያታለሁ።»